ቀጣዩን እርምጃ የሚደብቁ የሒሳብ ካርዶች አዘገጃጀት

ተሠርቶ የቀረበ ምሳሌ ተማሪን የሚያታልልበት ጊዜ አለ። ከላይ እስከ ታች ሲያነበው ሁሉም ነገር የገባው ይመስለዋል፤ ደብተሩን ዘግቶ ራሱ ሲሞክረው ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። ጎንደር ውስጥ የሰፈር ልጆችን ሳስጠና ይህ ስለተደጋገመብኝ፣ ምሳሌውን በካርድ ከፋፍዬ ማቅረብ ጀመርሁ።

ፒያሳ አካባቢ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ጠንከር ያለ ወረቀት፣ መቀስ፣ እስክሪብቶና አንድ ፖስታ ይበቃል። አንድ የኤ4 ወረቀት ለአራት ሲቆረጥ ለአንድ ጥያቄ የሚሆኑ አራት ካርዶች ይወጡታል። ማርከር ቀለሙ ወደ ጀርባ ሰርጎ ምሥጢሩን ስለሚያወጣ አይመከርም።

በቅድሚያ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሠርተው ያረጋግጡ፤ ለምሳሌ 3(x − 4) = 2x + 5 እንውሰድ። በመጀመሪያው ካርድ ላይ እኩልታው ብቻ ይጻፍና ከሥሩ «ቀጥሎ ምን ይደረጋል? ለምን?» የሚል ጥያቄ ይቀመጥ። ሁለተኛው ካርድ የቀድሞውን መስመርና 3x − 12 = 2x + 5 የሚለውን ከነምክንያቱ ያሳያል፤ ሦስተኛው x − 12 = 5 ላይ ያደርሳል፤ አራተኛው x = 17 ብሎ ሁለቱም ጎኖች 39 እንደሚሆኑ ያረጋግጣል። ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ካርዶች በዚያው ጥያቄ ይዘጋሉ።

መልሱን በካርዱ ጀርባ አይጻፉ። እኔ መጀመሪያ እንዲያ አድርጌ፣ ልጆቹ እስክሪብቶ ሳያነሡ ይገለብጡት ነበር። አሁን ካርዶቹ በቅደም ተከተል ፖስታ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ተማሪው የራሱን መስመር ደብተሩ ላይ ሳይጽፍ ቀጣዩን አይስብም።

በአንድ ካርድ አንድ ስሌት ብቻ ይኑር። ቅንፍ መፍታቱንና 2x መቀነሱን ባንድ ላይ ካጣመርናቸው፣ 3ን በ4 ማባዛት ረስቶ 3x − 4 የጻፈ ልጅ x = 9 ላይ ይደርሳል፤ የቱ ጋ እንደሳተ ግን ካርዱ አይነግረውም። ምክንያቱንም ሲጽፉ «ተሻግሮ ምልክቱ ተቀየረ» ከማለት «ከሁለቱም ጎን 2x ተቀነሰ» ቢሉ ይሻላል፤ «መሻገር»ን ብቻ የያዘ ተማሪ 3x = 12 ሲሰጠው 3ንም አሻግሮ x = 12 − 3 ብሎ ሲጽፍ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ይህ ሲለመድ 4(x − 2) = 3x + 7ን የመሰለ ሁለተኛ ጥያቄ ያዘጋጁና የመጨረሻውን ካርድ ያስቀሩ፤ በሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት። ከኋላ መቀነሱ የሚጠቅመው ተማሪው በራሱ የሚሠራው ክፍል መንገዱ ከተያዘ በኋላ ያለው አጭር ጫፍ ስለሚሆን ነው። ካርድ ሳይስብ ሁለት ሦስት መስመር በትክክል የሚጽፍ ልጅ ካጋጠመዎት ፖስታውን ወስደው ባዶ ጥያቄ ይስጡት፤ ከዚያ በኋላ ካርዱ የሚያደርገው እሱን ማዘግየት ብቻ ነው።