ቀጠሮ ፈላጊው ላቦራቶሪ ለምን ይደውላል? የክሊኒክ የስልክ ሜኑ ችግርና መፍትሄ

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ስልኩ ላይ የተቀዳ ሜኑ አስገባ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ በሽተኛ እየመዘገበች ስልክ ማንሳት አልቻለችም። ሜኑው ሥራ ሲጀምር ግን የላቦራቶሪው ባለሙያ ናሙናውን አስቀምጦ ስልክ የሚያነሳ ሆነ። የሚደውሉለት ደግሞ ውጤት የሚጠይቁ ሳይሆኑ ቀጠሮ የሚፈልጉ ናቸው። ይሄ ችግር ሌላም ቦታ ስለሚያጋጥም ከእሱ እንጀምር።

ምልክት፦ ደዋዩ ከሚፈልገው ቀጥሎ ያለው ክፍል ይገባል

የመጀመሪያው ቅጂ እንዲህ ይላል፦ «አንድን ይጫኑ ለቀጠሮ፣ ሁለትን ይጫኑ ለላቦራቶሪ ውጤት፣ ሦስትን ይጫኑ ለአልትራሳውንድ»።

ወረቀት ላይ ስታዩት ምንም የለበትም፣ ነጠላ ሰረዙ ይለያያችኋል። በጆሮ ስትሰሙት ግን ነጠላ ሰረዝ የለም። እኛ ዓረፍተ ነገር የምንዘጋው በግስ ነው፣ ስለዚህ ጆሯችን «ይጫኑ» ሲል እዚያ ጋ አለቀ ይላል፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን «ለቀጠሮ» ደግሞ ከሚቀጥለው ጋር ይገጥመዋል። «ለቀጠሮ ሁለትን ይጫኑ» ተብሎ ይሰማል። ቀጠሮ ፈላጊው 2ን ይጫናል፣ ላቦራቶሪ ይገባል። የላቦራቶሪ ውጤት የፈለገው 3ን ተጭኖ አልትራሳውንድ ይገባል። ሁሉም በአንድ ቁጥር ይንሸራተታል።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ? ላቦራቶሪው ስልክ አጠገብ ወረቀት አስቀምጡና ለአንድ ሳምንት የደወለው ሁሉ ምን ፈልጎ እንደሆነ ይጻፍ። ስህተቱ የተዘበራረቀ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። በብዛት ከአንድ ቁጥር በፊት ያለውን አገልግሎት የሚፈልጉ ከሆኑ ግን ጥፋቱ የቅጂው ቅደም ተከተል ነው።

መፍትሄው ጉዳዩን ማስቀደም፣ ቁጥሩን ማስከተል፣ በግስ መዝጋት ነው፦ «ለቀጠሮ፣ አንድን ይጫኑ።» «ይጫኑ» ተደጋገመ ብላችሁ ከመሃል አታውጡት። ለደዋዩ እንደ አራት ነጥብ የሚያገለግለው እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ምርጫ በኋላም አንድ ሰከንድ ያህል ዝምታ ይግባ።

ምልክት፦ ምርጫው ሳይጀምር ስልኩ ይዘጋል

እዚሁ ክሊኒክ ቅጂው ሲጀምር ሰላምታ፣ የክሊኒኩ ሙሉ ስም፣ የተመሠረተበት ዓላማ፣ የሚሰጠው አገልግሎት ዝርዝር፣ አድራሻ ይነበባል። ከሐርቡ የሚደውል ሰው በራሱ ካርድ ነው የሚደውለው። ልጁ ትኩሳት ይዞት ሊሆንም ይችላል። ያንን ሁሉ የሚያዳምጥበት ምክንያት የለውም። ሰላምታና ስም ብቻ ይበቃል፣ ከአምስት ሰከንድ አይለፍ። አድራሻና የሥራ ሰዓት የራሳቸው ቁጥር ይኑራቸው።

ድንገተኛ ሕመም መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ካያችሁ ዛሬውኑ አንሱት። የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ 1። የሚጠራውም ተረኛ ነርሷ ጋ ይሁን፤ በ20 ሰከንድ ካልተነሳ ወደ ካርድ ክፍል ይለፍ። ማንም የማያነሳው ድንገተኛ መስመር ከሌለ መስመር ይብሳል።

የታረመው ቅጂ ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ (የክሊኒኩ ስም) ነው።
ድንገተኛ ሕመም ከሆነ፣ አንድን ይጫኑ።
ለቀጠሮ፣ ሁለትን ይጫኑ።
ለላቦራቶሪ ውጤት፣ ሦስትን ይጫኑ።
የሥራ ሰዓትና አድራሻ ለማወቅ፣ አራትን ይጫኑ።
ሰው ለማነጋገር፣ ዜሮን ይጫኑ።»

በቃ። አልትራሳውንድ የት ሄደ? ቀጠሮ ውስጥ ገባ፣ የሚደውልለት ሰው ቀጠሮ ነው የሚፈልገውና። ከአምስት ምርጫ በላይ ከሆነባችሁ ሁለቱን አንድ ላይ የምታደርጉበት መንገድ ፈልጉ። ሰው መጨረሻውን ሲሰማ የመጀመሪያውን ይረሳል።

ምልክት፦ «ተጫንኩ፣ ግን ዝም አለ»

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ደዋዩ ጋ ነው። ስማርት ስልክ ጆሮ ላይ ሲሆን ስክሪኑ ይጠፋል፣ ሲያወርደው የቁጥር ሰሌዳውን ከፍቶ እስኪጫን ጊዜ ይፈጃል። ማሽኑ ሁለት ሰከንድ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ አይደርስም። ቅጂው ካለቀ በኋላ ስድስት ሰከንድ ይጠብቅ። ካልተጫኑም መስመሩን አይዝጋ፣ ወደ ካርድ ክፍል ያሻግር።

ሁለተኛው ማሽኑ ጋ ነው። ራሳችሁ ደውሉና ቅጂው መሃል ላይ እያለ 2ን ተጫኑ። ቅጂው ሳይቋረጥ ከቀጠለ፣ እያወራ ቁጥር አይቀበልም ማለት ነው። የምትጠቀሙት የስልክ ሶፍትዌር አስተሪስክ ከሆነ፣ ሜኑው በ`Playback` ተከፍቶ ይሆናል። እሱ እያነበበ ምርጫ አይቀበልም፣ የሚቀበለው `Background` ነው፦

```
exten => s,1,Answer()
 same => n,Background(menu)
 same => n,WaitExten(6)
exten => t,1,Goto(reception,s,1)
```

`t` ያለው መስመር ምንም ያልተጫነውን ሰው ወደ ካርድ ክፍል የሚወስደው ነው። `menu` እና `reception` የእናንተ ፋይልና ክፍል በተሰየሙበት ስም ይተካሉ። ለክሊኒኩ መደበኛ ደንበኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ቁጥሩን በቃሉ ስለያዘው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ተጭኖ ያልፋል።

ምልክት፦ ክሊኒኩ ክፍት ሆኖ ሳለ «ዝግ ነው» ይላል

ከሰዓት በኋላ የሚደውሉ ሰዎች «ዘግተናል» የሚለውን የማታ መልእክት ሲሰሙ፣ ሌሊት 8 ሰዓት የደወለው ደግሞ የቀኑን ሜኑ ይሰማል። መንስኤው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ክሊኒኩ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 12 ነው የሚሠራው፣ ያስገባው ባለሙያም 2 እና 12 ብሎ ሞላ። ማሽኑ ግን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፤ የእሱ 2 የኛ ሌሊት 8 ነው፣ የእሱ 12 የኛ ቀን 6። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ጨምሩና 8 እና 18 ብላችሁ ሙሉ፦

```
same => n,GotoIfTime(08:00-18:00,mon-sat,*,*?day,s,1)
```

`day` የቀኑ ሜኑ ባለበት ክፍል ስም ይተካል። ቅጂው ውስጥ የሚነገረው ሰዓት ግን በኛው ነው፣ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት»።

ይሄን አስተካክላችሁም ጠዋት እስከ 5 ሰዓት «ዝግ ነው» የሚል ከሆነ፣ የማሽኑ የሰዓት ቀጠና አልተቀየረም፣ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። `Africa/Addis_Ababa` ላይ አድርጉት።

የማታው መልእክት ራሱ ምርጫ አያስፈልገውም፣ የሚያነሳ ሰው ስለሌለ ቁጥር ማስጫን ሰውን ማንከራተት ነው። «ክሊኒኩ አሁን ዝግ ነው። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ፣ ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ፣ ሰባት ይደውሉ።» ቁጥሩ አንድ በአንድ፣ ቀስ ተብሎ፣ ሁለት ጊዜ ይነበብ። ከመቅዳታችሁ በፊት ግን ከኮምቦልቻ ራሳችሁ ሞክሩት፣ መስመሩ መሥራቱን ሳታዩ በክሊኒኩ ስም አታስነብቡት።