ሥዕሉ ብቻ ሳይሆን ስሙም እንዲታይ

መተግበሪያው ለእድር አባላት የተሠራ የአንድሮይድ መተግበሪያ ነው። አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች ስማርት ስልክ ገና የጀመሩ እናቶችና አባቶች ናቸው። ከስክሪኑ ግርጌ አራት ምርጫዎች አሉ፦ ዋና ገጽ፣ የወር መዋጮ ክፍያ፣ መልእክት፣ እርዳታ። ችግሩ፣ ስሙ የሚታየው የተከፈተው ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሦስቱ ስም የሌላቸው ሥዕሎች ነበሩ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄን ነክቼ ገንዘቤ ቢሄድስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሥዕሉ ምን እንደሚያደርግ የሚነግራቸው ነገር የለም።

ምክንያቱ የ`BottomNavigationView` ነባሪ ቅንብር ነው። ምርጫዎቹ እስከ ሦስት ከሆኑ ሁሉንም ስም ያሳያል። አራት ሲሆኑ ግን ያልተመረጡትን ስም ይደብቃል። በሌይአውት ፋይሉ ውስጥ ይህን ጨመርኩ፦

```xml
app:labelVisibilityMode="labeled"
```

ስሞቹ ሁሉ ወጡ። ቀጥሎ የስልኩን የፊደል መጠን ወደ ትልቁ አድርጌ አየሁት። «የወር መዋጮ ክፍያ» የሚለው መሃል ላይ ተቆረጠ። «መዋጮ» ብቻ አልኩት፤ በቃ።

መመለሻውም ያስቸግር ነበር። በብዙ አዳዲስ ስልኮች ወደ ኋላ የሚመለሰው ከጠርዝ በጣት በመሳብ ነው። ያላሳዩት ሰው በራሱ አያገኘውም። ስለዚህ በየውስጥ ገጹ ከላይ በግራ «ይመለሱ» የሚል ጽሑፍ ያለው ቁልፍ አስገባሁ። ቁመቱ ቢያንስ 48 ዲፒ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ጣት ይስታል።

አምስተኛ ምርጫ ይጨመር ሲባል ግን አልተቀበልኩም። በጠባብ ስክሪን ላይ ስሞቹ እንደገና ይቆረጣሉ።