ዝንጅብል «ሞቃት» ነው ሲባል ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

«ዝንጅብል ያሞቃል፣ ተልባ ያቀዘቅዛል፣ ጥቁር አዝሙድ ብርድ ያወጣል።» ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይህን ሳይሰማ ያደገ ሰው የለም። ነገሩ ደግሞ የሰፈር ወሬ ብቻ አይደለም። ጋሌን የሚባለው የጥንት ሐኪም በ2ኛው ክፍለ ዘመን ዕፅዋትን ሞቃት፣ ቀዝቃዛ፣ እርጥብና ደረቅ ብሎ ከፍሏቸው ነበር። ኢብን ሲና (980–1037) ያንኑ ተቀብሎ አስፋፋው፣ በእስልምናው ዓለምም ለዘመናት ሐኪሞች የሠሩበት ትምህርት ሆነ። የቤተ ክህነት ሊቃውንትም ሰው ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት ባሕርይ ተፈጠረ ብለው ሲያስተምሩ እሳትን ሙቅና ደረቅ፣ ውሃን ቀዝቃዛና እርጥብ ይሉታል። ቻይናና ህንድም የየራሳቸው አከፋፈል አላቸው።

እኔ የማወራው ይህ አከፋፈል ወደ ቤታችን፣ ወደ ሻይ ማፍያው ሲመጣ የት ላይ እንደምንስት ነው። ዝንጅብልን ይዤ እሄዳለሁ፣ የሌለበት ቤት ስለሌለ።

«ሞቃት» ማለት ትኩስ ማለት ይመስለናል

ዝንጅብል ፍሪጅ ውስጥ ቢያድርም በእነዚህ ትምህርቶች «ሞቃት» ነው። የሚታየው የመጠጡ ትኩሳት አይደለማ። ዕፁ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል ነው ጥያቄው። ያልባል ወይ? ፊት ያቀላል ወይ? ሆድ ላይ የሙቀት ስሜት ያመጣል ወይ? ጥማት ይጨምራል ወይ? እነዚህን የሚያመጣ «ሞቃት» ተባለ። ጥማትን የሚያስታግስ፣ ቃጠሎን የሚያበርድ ደግሞ «ቀዝቃዛ» ተባለ።

ቴርሞሜትር ብታስገቡ ግን ይህ ሁሉ ላይታይ ይችላል። የዝንጅብል የሚያቃጥል ንጥረ ነገር የሚነካው ትኩስ ነገር ሲነካን «ተቃጠልኩ» ብሎ መልእክት የሚልከውን ነርቭ ነው። በርበሬም የሚነካው ያንኑ ነው። ናና ደግሞ በተቃራኒው ብርድ የሚያውቀውን ነርቭ ይነካል፤ አፍ ይቀዘቅዛል፣ የሰውነት ሙቀት ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ልጁ ትኩሳት ስላለው ናና አፍልታችሁ ብትሰጡት ትኩሳቱ ይወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሌላም አለ። የጋሌን ትምህርት ሞቃት ብሎ ብቻ አያቆምም፤ አራት ደረጃ አለው። አንደኛው በስሜት እንኳን የማይታወቅ ነው። ሁለተኛው በግልጽ ይሰማል። ሦስተኛው ጠንካራ ነው። አራተኛው ያቃጥላል፣ ይጎዳል። ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ከፍ ካሉት ደረጃዎች ላይ ነው የተቀመጡት። እኛ ሞቃት የሚለውን ይዘን ደረጃውን ትተነዋል፣ መዘዙም የሚመጣው ከዚያ ነው።

እርጥቡንና ደረቁን ዝንጅብል አንድ ማድረግ

ይሄ በጣም የተለመደ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በቻይና ሕክምና እርጥብ ዝንጅብልና ደረቅ ዝንጅብል ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ስማቸውም ለየብቻ ነው። እርጥቡ ለስለስ ያለ ሙቀት አለው፣ ጉንፋን ሲጀማምርና ሰውየው ብርድ ብርድ ሲለው ላብ እንዲያወጣ ይሰጣል። ደረቁ «ሞቃት» ከሚባሉት ጠንከር ያለው ነው፣ ለቀዘቀዘ ሆድ ይባላል። ዝንጅብል ሲደርቅና ሲሞቅ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ከፊሉ ይለወጣል፣ የሚለወጥበት ነገር ደግሞ ከፊተኛው የበለጠ ያቃጥላል። የድሮ ሰዎች ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው በምላሳቸውና በሆዳቸው ደርሰውበታል፣ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ከዚህ በላይ የውሃው ነገር አለ። እርጥብ ዝንጅብል አምስት እጅ ቢሆን አራቱ እጅ ገደማ ውሃ ነው። አንድ ግራም ዱቄት ማለት እንግዲህ ወደ 5 ግራም እርጥብ ማለት ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት አንድ ግራም አካባቢ ይሆናል።

አንዲት የኮምቦልቻ ዘመዳችን ያጋጠማትን ልንገራችሁ። ግንቦት ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ በሚሞቅበት ሰዓት። ሳል ያዛት። ደሴ ያለችው ታላቅ እህቷ በስልክ «አንድ የሾርባ ማንኪያ ዝንጅብል ፈቅፍቀሽ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጨምረሽ አፍልተሽ በማር ጠጪ፣ ጠዋትና ማታ» አለቻት። እህትየዋ ራሷ ክረምት ላይ ደሴ ብርድ ሲመታት በዚሁ ተሽሏታል። ኮምቦልቻዋ ግን እርጥብ ዝንጅብል ቤት አልነበራትም። በዚያው የሾርባ ማንኪያ ዱቄቱን ጨመረች፣ ቁንዶ በርበሬም ጣል አደረገችበት።

እስቲ እናስላው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል 6 ግራም ቢሆን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄትም 5 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ይሄ ግን 25 ግራም እርጥብ ዝንጅብል ማለት ነው። እህቷ ካዘዘችላት አራት እጥፍ በላይ፣ ያውም ይበልጥ የሚያቃጥለው ዓይነት፣ በቀን ሁለቴ። ደረቷ ላይ ቃጠሎ ጀመራት፣ አፏ መረረ፣ ጥማቱ አልበርድ አለ። ስትደውል እህቷ ምን አለቻት? «አብሽሪ፣ ብርዱ እየወጣ ነው። አታቋርጪ።»

«ካቃጠለ እየሠራ ነው» ማለት

ይሄኛው ስህተት የፊተኛውን ያባብሰዋል። አንድ ዕፅ ከበዛ ወይም ለሰውየው ካልተስማማ ምልክት ይሰጣል፦ የደረት ቃጠሎ፣ ምሬት ወይም ኮምጣጣ ነገር ወደ ጉሮሮ መውጣት፣ የአፍ መድረቅ፣ የምላስ መቁሰል፣ እንቅልፍ ማጣት። በራሱ በጥንቱ ሕክምና ዓይን እነዚህ «ሙቀት በዛ» የሚያሰኙ ምልክቶች ናቸው። አንድም አዋቂ እነዚህን አይቶ «ጨምር» አይልም። ወይ ይቀንሳል፣ ወይ ያቆማል።

ዘመዳችን ድሮም ጨጓራ ነበረባት። ሳሏ ደረቅ ነው፣ ማታ ስትተኛ ይብሳል፣ ጉሮሮዋን ይከካታል፣ አክታ የለውም። የደሴዋ ሳል ሌላ ነበር፦ ንፍጡ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ብርድ ልብስ ትፈልጋለች። ሁለቱንም «ሳል» ብለን አንድ አደረግናቸው እንጂ በጥንቱ አከፋፈል እንኳን አንድ መድኃኒት አይሰጣቸውም። ለመጀመሪያዋ ሞቃት በሞቃት ላይ ነው የተጨመረው።

ሁሉንም ካቆመች በኋላ ቃጠሎው በቀናት ውስጥ በረደላት። ሐኪም ቤት ስትሄድ ሳሉ ከጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ለዚያ ደግሞ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው።

ልብ በሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ቁንዶ በርበሬውም፣ ዝንጅብሉም ሁሉም ሞቃት ናቸው። ማሩም በዚህ ትምህርት ሞቃት ነው። ድሮ የሚያዋህድ ሰው ጠንካራውን የሚያለዝብ ነገር አብሮ ያስገባል። እኛ «ይጠቅማል» የተባለውን ሁሉ በአንድ ድስት እናፈላለን።

አገሩን አለማየት

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሐረጎን ስትወርዱ ሹራባችሁን የምታወልቁት በሌላ ምክንያት አይደለም፤ መንገዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። የጥንት ሐኪሞች ወቅቱን፣ አገሩንና የሰውየውን ዕድሜ ሳይጠይቁ አያዙም ነበር። በሐምሌ ደሴ ላይ ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ የሚስማማው በግንቦት ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ ቀን ፋብሪካ ውስጥ ሲያልበው ለዋለ ወጣት ላይስማማ ይችላል። የሚገርመው እኛ የመድኃኒቱን ስም በስልክ እንለዋወጣለን፣ ይህን ግን አንጠያየቅም።

የተለያየ አገር ዝርዝር መቀላቀል

አጭር ነው ግን ብዙ ሰው ያወናብዳል። ናና በቻይና ቀዝቃዛ ነው፣ በግሪክና በዓረብ መስመር ሞቃት ነው። ድንብላልን ዲዮስቆሪዶስ የሚባለው ሌላው የጥንት ሐኪም ያበርዳል ሲል ጋሌን ተቃውሞታል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «ድንብላል ቀዝቃዛ ነው» የሚል ብታዩ መጀመሪያ በማን አከፋፈል ነው በሉ። አንዱን ከቻይና፣ አንዱን ከህንድ፣ አንዱን ከአያታችሁ ወስዳችሁ ሚዛን የምትጠብቁ ከሆነ የምትመዝኑት በሦስት የተለያየ ኪሎ ነው።

«ሞቃት» ሁሉ ለነፍሰ ጡር ይሆናል ማለት

ጤና አዳም ከቡና ጋር ጣል የምናደርጋት ቅጠል ናት፤ ለሽታዋ አንዲት ዘለላ ሌላ ነገር ነው፣ አፍልቶ መጠጣት ግን ሌላ። በብዛት ስትወሰድ ማህፀን ታንቀሳቅሳለች፣ ለዚህም ነው ነፍሰ ጡር ሴት እንዳትጠጣት የሚባለው። «ሆዴን በረደኝ» ያለች ነፍሰ ጡር ላይ ጤና አዳም አታፍሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በብዛት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይንገር፣ ለመድማት ሊያጋልጡት ይችላሉ።

ማንቀጥቀጡን «ብርድ ነው» ብሎ መዝጋት

ኮምቦልቻ ላይ፣ ከዚያ በታች ወዳሉት ቆላዎች የሄደ ሰውም ላይ፣ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ወባ መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል። ሰውየው ጋቢ ላይ ጋቢ ይደራርባል። ቤተሰቡም «ብርድ ነው» ብሎ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ያፈላል። ቀጥሎ ሰውነቱ ይግላል፣ «ብርዱ ወደ ሙቀት ተለወጠ» ይባልና ቀዝቃዛ ነገር ይፈለጋል። ከዚያ ያልበውና ይቀለዋል፣ «ተሻለው፣ ላቡ ወጣ» ተብሎ ይታመናል። መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። ግን የወባው የራሱ አካሄድ ነው፣ ደግሞ ይመለሳል።

ሞቃትና ቀዝቃዛ የሚለው አከፋፈል የሚሰማንን ስሜት ነው የሚገልጸው። ደም ውስጥ ያለውን ተሐዋሲ አያይም። ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ያለበት ሰው፣ በተለይ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር። ጣት ተወግቶ የሚሠራው ምርመራ ውጤት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ዝንጅብሉን ከምርመራው ስትመለሱም ማፍላት ትችላላችሁ፤ እርጥቡን፣ አንድ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል።