የስፌት ቤት ቪዲዮ ላይ ጽሑፉ አልሰራ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ለምሳሌ 35 ሰከንድ የሚሆን ቪዲዮ እንውሰድ። ሀበሻ ቀሚስ ሲሰፋ ያሳያል፦ ልኬት ሲወሰድ፣ ጨርቁ ሲቆረጥ፣ ጥለቱ እጅጌው ላይ ሲሰፋ፣ በመጨረሻ ሲተኮስ። ቀረጻው ጥሩ ነው፣ ጽሑፉ ግን አስቸግሯል። ምን እንደሚታይ፣ ከምን እንደመጣና እንዴት እንደሚስተካከል በየተራ እንየው።

ፊደሉ ሳጥን ሆነ፣ ወይም ጥያቄ ምልክት ሆነ

ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አይገናኙም። ባዶ ሳጥን ካያችሁ ጽሑፋችሁ ደህና ነው፣ የመረጣችሁት ፎንት ግን የግዕዝ ፊደል የለውም። አንዳንዴ ደግሞ ስልኩ ሳይነግራችሁ በራሱ ፎንት ይተካዋል፤ ስልኩ ላይ ያማረው ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ሳጥን የሚሆነው ለዚህ ነው። Noto Sans Ethiopic በነፃ ይገኛል። አውርዳችሁ ኤዲት የምታደርጉበት አፕ ውስጥ አስገቡት። አፑ ከውጭ ፎንት የማይቀበል ከሆነ ጽሑፉን ሌላ ቦታ ጽፋችሁ ጀርባው ባዶ የሆነ የ PNG ምስል አድርጋችሁ ቪዲዮው ላይ ደርቡት። ትንሽ ያለፋል፣ ግን የትም ቢከፈት አይበላሽም።

ጥያቄ ምልክት (?????) ካያችሁ ግን ጽሑፉ ራሱ ጠፍቷል። ይሄ በብዛት የሚመጣው srt የሚባለውን የቪዲዮ ጽሑፍ ፋይል በኖትፓድ ጽፎ ANSI አድርጎ ሴቭ ከማድረግ ነው። እንዲህ የሆነ ፋይል ፎንት ቢቀያየርለትም አይመለስም። እንደገና ጻፉትና Save As ስትሉ Encoding የሚለው ላይ UTF-8 ምረጡ።

ጽሑፉ አለ፣ ግን አይነበብም

የስፌት ቤት ቪዲዮ የራሱ ጣጣ አለው፦ ጨርቁ ነጭ ነው። ነጭ ፊደል ነጭ ሸማ ላይ ይጠፋል። ብዙ ሰው ያኔ ፊደሉን በወፍራም ጥቁር መስመር ይከበዋል። ላቲን ፊደል ላይ ያስኬዳል፣ የእኛ ፊደል ላይ ግን ሌላ ችግር ያመጣል። ጠ እና ጡ፣ ለ እና ሉ የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው። መስመሩ ሲወፍር በጭረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይደፈናል፣ ተመልካቹም ፊደሉን በግምት ያነባል።

መስመሩን አጥፉትና ከጽሑፉ ጀርባ ጠቆር ያለ፣ በስሱ የሚያሳልፍ ሳጥን አድርጉ። ፊደሉንም ከቀጭኑ ይልቅ መካከለኛ ውፍረት ያለውን ምረጡ። ከዚያ ስልኩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙና «ጥለቱን» የሚለውን አንብቡ። የመጨረሻዎቹ ፊደሎች ከተምታቱባችሁ ጽሑፉ አንሷል። ቀረጻው ላይ ደግሞ ጨርቁ አንፀባርቆ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስክሪኑን ጨርቁ ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ። ጥለቱም ቀለሙ ያምራል።

ጽሑፉ በከፊል ተሸፍኗል

ቲክቶክ ላይ በስተቀኝ የላይክና የኮሜንት ምልክቶች አሉ፣ ከታች ደግሞ የአካውንቱ ስምና መግለጫው። ኤዲት ስታደርጉ እነዚህ አይታዩም፣ ስለዚህ ከታች ያሰፈራችሁት ጽሑፍ ፖስት ከተደረገ በኋላ ይሸፈናል። ቪዲዮው 1080 በ 1920 ከሆነ ከታች ሩቡን ያህል ባዶ ተዉት፣ ከቀኝም ትንሽ ራቁ። ስፌት ላይ እጅና መርፌው የሚታዩት ከመሀል ወደታች ነው። ጽሑፉን ወደላይኛው ሲሶ ውሰዱት፣ ሰው መርፌውን ማየት ነው የሚፈልገው።

ቶሎ ያልፋል፣ ወይም ግማሹ ሲነበብ ይቀየራል

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ብዙዎች «ሰከንድ ጨምር» ብለው ያልፉታል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። «የቀሚሱን ጥለት ከእጅጌው ጋር» ብላችሁ አንድ ስክሪን፣ «እናያይዛለን» ብላችሁ ሌላ ስክሪን ካደረጋችሁ፣ የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ይጠብቃል። ያኔ ደግሞ ስዕሉ ወደ ካውያው ዞሯል። ሰከንድ ብትጨምሩለትም ያው ነው። አሳጥሩትና ግሱን ከሚሰራበት ነገር ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ፦ «ጥለቱን እጅጌው ላይ እንሰፋለን»። አራት ቃል ነው፣ በአንድ እይታ ይያዛል።

ለመለካት ቀላሉ መንገድ፣ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ እያለ ሳትቸኩሉ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሁለተኛውን ሳትጨርሱ ከጠፋ ጽሑፉን ቀንሱ ወይም ክሊፑን አስረዝሙ። እጁ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ጽሑፉ ይምጣ፣ ሥራው ሳያልቅም አይሂድ።

አፑ ንግግር ሰምቶ በራሱ እንዲጽፍ አድርጋችሁ የማይገባ ነገር ከጻፈ፣ መጀመሪያ የቋንቋ ዝርዝሩን እዩ። አማርኛ ከሌለበት ማስተካከሉ ከመጻፉ ይብሳል፣ በእጅ ጻፉት። የማሽኑ ጩኸትም ንግግሩን ይውጠዋል፣ ድምፁን ማሽኑ ቆሞ ለብቻ ቅዱ።

ድምፁ፣ ጽሑፉና መግለጫው ይጋጫሉ

ደንበኛ የሚያጣላው ይሄኛው ነው። ድምፁ «ጥልፍ» ይላል፣ ስክሪኑ ላይ «ጥለት» ተጽፏል፣ ከታች መግለጫው «ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሰራ» ይላል፣ ቪዲዮው ላይ ግን ማሽን እየሮጠ ነው። ሸማኔው ከጨርቁ ጋር የሚሸምነው ጥለትና በኋላ በክር የሚሠራው ጥልፍ ዋጋቸውም ድካማቸውም ይለያያል። የሚያውቅ ሰው ኮሜንት ላይ አይምራችሁም፣ የማያውቅ ደግሞ ሌላ ነገር ጠብቆ ያዝዛል።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሦስቱ በተለያየ ሰው፣ በተለያየ ቀን መጻፋቸው ነው። ስለዚህ ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ወረቀት ያዙ። በየክሊፑ እጁ ምን እየሠራ እንደሆነ ጻፉ፣ ወረቀቱን ለልብስ ሰፊው ስጡና «ጋሼ፣ ይሄን ምን ትሉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሳቸው ያሉት ቃል ይግባ። ለምሳሌው ቪዲዮ ወረቀቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ልኬት እንወስዳለን»፣ «በልኬቱ እንቆርጣለን»፣ «ጥለቱን እጅጌው ላይ እንሰፋለን»፣ «ተኩሰን እናስረክባለን»። ድምፁ ይህንኑ በረዘም ያለ ንግግር ይናገረዋል፣ ቃሉን ግን አይቀይርም።

መግለጫው ግን ይሄንኑ መድገም የለበትም። ስክሪኑ ላይ የሌለውን ይጨምር፦ ዋጋው ከስንት ይጀምራል፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ቀብድ አለው ወይ፣ ሱቁ ሽሮ ሜዳ በየት በኩል ነው። አስፈላጊው በመጀመሪያው መስመር ይሁን፣ ሌላው «ተጨማሪ» ተጭኖ ነው የሚነበበው። ዋጋና ቀን ቪዲዮው ላይ አትጻፉ፣ ፋሲካ ሲደርስ ዋጋው ይቀየራል፣ ቪዲዮው ላይ የታተመውን ደግሞ ማንሳት አይቻልም። ከውጭ የሚያዝዙ ደንበኞች ካሏችሁ የማስረከቢያውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ሰዓትም ካለ «ጠዋት 3 ሰዓት በኢትዮጵያ» በሉ፣ ዋሽንግተን ያለ ሰው 3 ሰዓት ሲባል ሌሊቱን ሊያስብ ይችላል።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ፦ «ሀበሻ ቀሚስ» ካላችሁ ሁሌም በዚሁ ፊደል ጻፉት። ቪዲዮው ላይ «ሐበሻ»፣ መግለጫው ላይ «ሃበሻ» ከሆነ ሰው ሲፈልግ ላያገኘው ይችላል።