ከመርጨት በፊት፦ ተባዩ በየትኛው የዕድገት ደረጃ ላይ እንዳለ እንዴት ይለያል?

የበቆሎ ቅጠል ተበጣጥሶ ከሩቅ ሲታይ፣ ጉዳቱን ያደረሰው ትል ብዙ ጊዜ መብላቱን ጨርሶ አፈር ውስጥ ገብቷል። ያን ጊዜ የሚረጭ መድኃኒት ቅጠሉን ያርሳል እንጂ ተባዩ ጋ አይደርስም። ስለዚህ መርጫውን ከማንሳት በፊት ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፦ ይህ ነፍሳት የሚያድገው በየትኛው መንገድ ነው? አሁንስ ዕድገቱ የት ደርሷል?

መጀመሪያ የዕድገቱን መንገድ ይለዩ

በሙሉ የቅርጽ ለውጥ የሚያድጉ ነፍሳት አራት ደረጃ አላቸው፦ እንቁላል፣ እጭ፣ ፒዩፓ እና ጉልምስ። ቢራቢሮ፣ የእሳት እራት፣ ጢንዚዛና ዝንብ በዚህ መንገድ ያድጋሉ። እጩ ትል ነው፤ ጉልምሱን በምንም አይመስልም። ፒዩፓ ሳይበላ ሰውነቱ እንደገና የሚሠራበት ደረጃ ነው። ብዙ ጊዜ እጩ ሰብል ሲያጠፋ ጉልምሱ የአበባ ማር ቀስሞ ይኖራል፤ የጢንዚዛ ወገን ግን በሁለቱም ደረጃ ሊጎዳ ይችላል።

ባልተሟላ የቅርጽ ለውጥ የሚያድጉት ፒዩፓ የላቸውም። ከእንቁላል የሚወጣው ኒምፍ ከመነሻው ወላጁን ይመስላል፤ የሚጎድለው ክንፍ ነው። ቆዳውን በጣለ ቁጥር ያድጋል፣ በጀርባው ላይም የክንፍ እምቡጥ ይታያል። አንበጣና ክሽክሽ የዚህ ወገን ናቸው። ኒምፉና ጉልምሱ አንድ ዓይነት አፍ ስላላቸው አንዱን ተክል አብረው ይጎዳሉ።

ማሳ ላይ ለመለየት በአንድ ተክል ላይ ያሉትን ትንሽና ትልቅ ነፍሳት ያወዳድሩ። ትንሹ ክንፍ ከማጣቱ በስተቀር ትልቁን ከመሰለና ስድስት እግር ካለው ያልተሟላው ወገን ነው። ትል ከሆነ ወደ ሙሉው ወገን ያዘነብሉ። ይህን ካወቁ በኋላ ግን የትሉን የሆድ እግሮች ይቁጠሩ። ከደረቱ ስድስት እግሮች ኋላ ያሉት ሥጋማ እግሮች ቢበዛ አምስት ጥንድ ከሆኑ የቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት እጭ ነው። ስድስት ጥንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ከተርብ ጋር የሚዛመዱ ነፍሳት እጭ ነው። ለእሳት እራት እጭ የሚሸጠው ቢቲ የተባለው የባክቴሪያ መድኃኒት እነዚህን አይገድልም፤ መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ስህተቱ ብዙ ጊዜ ያለው እዚህ ነው።

ክሽክሽ በበዛበት ቅጠል ላይ የሚሮጥ፣ ረዘም ያለ፣ ጥቁር አካሉ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት ፍጡር ካዩ አይግደሉት። ክሽክሽ የምትበላው፣ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት ጢንዚዛ እጭ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች ጢንዚዛዋን ሲያውቁ እጯን አያውቋትም፣ እናም አጋራቸውን ከተባዩ ጋር ይጨርሷታል። ካልተለየ ትሉን ከሚበላው ቅጠል ጋር ክዳኑ በተበሳ ብልቃጥ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ሁለት ጣት ያህል እርጥብ አፈርም ይጨምሩ፤ ቅጠሉን በየቀኑ ይቀይሩ። የሚወጣው ጉልምስ ማንነቱን ይናገራል።

ከዚያ ዕድሜውን ይለኩ፦ የመጤ ተምች ምሳሌ

መጤ ተምች በበቆሎ ላይ እንቁላሉን ከአንድ መቶ እስከ ሁለት መቶ በሚሆን ክምር ይጥላል፤ እናቲቱ ከሆዷ በሚረግፍ ግራጫ ፀጉር ትሸፍነዋለች። በሞቃት ወቅት እንቁላሉ በ2 ወይም 3 ቀን ይፈለፈላል፣ እጩ ሁለት ሳምንት ያህል ይበላል፣ ፒዩፓው አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 8 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ 8 ወይም 9 ቀን ይቆያል። ዙሩ በጠቅላላ አንድ ወር ገደማ ነው፤ በብርድ ጊዜ ግን ከእጥፍ በላይ ሊረዝም ስለሚችል ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ የትሉን ርዝመት ይመኑ።

ትሉ ስድስት የዕድገት እርከን አለው። ሲፈለፈል 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ በመጨረሻው እርከን 3 ሴንቲሜትር ያልፋል። የሚበላው ቅጠል አብዛኛውም በመጨረሻዎቹ እርከኖች ነው። ስለዚህ ርዝመቱ ከ1 ሴንቲሜትር በታች እያለ መድረስ ያስፈልጋል፤ በሞቃት አየር ይህ ከፍልፈላ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ነው።

ትሉን ባያገኙት እንኳ የበላበት መልክ ዕድሜውን ያሳያል። ትንሹ ትል የቅጠሉን አንድ ገጽ ብቻ ስለሚፍቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይቀራል። ትልቁ ቅጠሉን ይበሳል፣ ለጋ ቅጠል ተጠቅልሎ በሚወጣበት እምብርት ውስጥ ይገባል፣ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስም ይተዋል። ኩሱ የእምብርቱን አፍ ስለሚደፍነው የሚረጨው ፈሳሽ ወደ ትሉ አይደርስም። ተምቹን ራሱን ለማረጋገጥ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የላቲን ፊደል ዋይ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ ከጅራቱ በፊት ባለው የሰውነት ክፍል ላይ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች ይፈልጉ። ትንንሾቹ ላይ ምልክቶቹ ጎልተው ስለማይታዩ አጉሊ መነጽር ይያዙ።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ከማሳው ዳር ጥቂት ሜትር ገባ ብለው በዚግዛግ ይራመዱ፣ በአምስት ቦታ ቆመው በየቦታው 20 ተከታታይ ተክል ይዩ። የሚቆጠረው አዲስ ጉዳት ነው፤ እምብርቱ ላይ ያለውን አዲስ ቅጠል ይመልከቱ። የታችኛው ቅጠል የተበሳው ገና ተጠቅልሎ ሳለ ሊሆን ይችላል፤ ሲዘረጋ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ትሉ ግን የለም።

ከ100 ተክል 24ቱ ላይ አዲስ ፍቀት አገኙ፣ በቆሎው ጉልበት አልደረሰም፣ የተገኙት ትሎችም ከ6 ሚሊ ሜትር አይበልጡም እንበል። በዚህ ዕድሜ ላለ በቆሎ እንደ መነሻ የሚያገለግለው መጠን ከመቶ 20 ተክል ስለሆነ ለመርጨት ጊዜው ነው። አመሻሽ ላይ፣ ፈሳሹን ወደ እምብርቱ አቅንተው ይርጩ። ቁጥሩ ያው 24 ሆኖ ትሎቹ 3 ሴንቲሜትር ቢደርሱ ግን መርጨት ብዙም አያዋጣም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሳቸው መብላት አቁመው ወደ አፈር ይገባሉ። ማሳው ትንሽ ከሆነ በእጅ ለቅሞ መግደል ይሻላል፤ ቀጣዩን ትውልድም ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀምረው እንቁላሉን በመፈለግ ይጠብቁ።

ፒዩፓ ለሌላቸው ስሌቱ ይለያል

አንበጣ ላይ ወሳኙ ድንበር የመጨረሻው ቆዳ መጣል ነው። ኩብኩባው መብረር ስለማይችል በመንጋ ከሚሄድበት ቦታ ላይ ማግኘት ይቻላል፤ ክንፍ ካወጣ ግን ያመልጣል። በመድኃኒት ምርጫም ልዩነት አለ። የነፍሳትን አዲስ ቆዳ አሠራር የሚያውኩ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ዳይፍሉቤንዙሮን፣ የሚገድሉት ቆዳ በሚቀየርበት ጊዜ ነው። ጉልምሱ ቆዳ ስለማይቀይር በዚህ አይሞትም፤ የክንፍ እምቡጡ ትልቅ በሆነ ኩብኩባ ላይም ጊዜው እያለቀ ነው።

ክሽክሽ ደግሞ በሞቃት ወቅት እንቁላል መጣሉን ትቶ ከወንድ ሳይገናኝ ልጅ ይወልዳል፣ ሕፃኑም በአንድ ሳምንት ገደማ ራሱ ይወልዳል። በአንድ ቅጠል ላይ ሁሉም ዕድሜ በአንድ ጊዜ ስለሚገኝ እንደ ተምቹ ትክክለኛ ሳምንት መጠበቅ ትርጉም የለውም። በምትኩ የቅጠሉን ጀርባ በየ3 ወይም 4 ቀኑ ይዩ። ነጭ ስስ ቅርፊት ብቻ ካገኙ የተጣለ ቆዳ ነው፤ በመርጨቱ የሞተ ክሽክሽ አድርገው አይቁጠሩት።