ምድር ከፀሐይ እየሸሸችባችሁ ነው? የኦርቢት ሲሙሌሽን ኢነርጂ ለምን ይንሸራተታል፣ ሊፕፍሮግስ እንዴት ይይዘዋል

መጀመሪያ የጻፍኩት የኦርቢት ሲሙሌሽን ውስጥ ፀሐይና ምድር ብቻ ነበሩ። ስቴፑ 1 ቀን፣ ምድር ከፀሐይ 1 የሥነ ፈለክ አሃድ ርቃ በትክክለኛ ፍጥነቷ ትነሳለች፣ በቃ ሌላ ምንም የለም። 10 ዓመት ራን አድርጌ ፕሎቱን ስከፍተው ክብ አይደለም፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው የሚመስለው። ምድር በአንድ ዓመት 1.18 አሃድ ላይ ደርሳለች፣ 4 ዓመት ሳይሞላት የማርስን መንገድ አልፋለች፣ በ10 ዓመት ደግሞ ርቀቷ ወደ ሁለት እጥፍ ተጠግቷል። እኔም እንደማንኛውም ሰው መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዩኒቱን ነበር፣ ኪሎሜትር ከሜትር፣ ቀን ከሰከንድ ቀላቅዬ ይሆናል ብዬ ቁጥሮቹን ስፈትሽ አመሸሁ። ምንም የለም።

ችግር 1፦ ኦርቢቱ አይዘጋም፣ በየዙሩ ወደ ውጭ ይሰፋል

ዩኒት ነው ወይስ ሜተዱ የሚለውን ለመለየት ማምሸት አያስፈልግም ነበር። የስበት ቁጥሩ ወይም የመነሻ ፍጥነቱ ቢሳሳት ሌላ መጠን ያለው ሞላላ ይወጣል እንጂ ያ ሞላላ ራሱ ላይ ተመልሶ ይዘጋል፣ ብዙ ከተሳሳተ ደግሞ ፕላኔቷ ጭራሽ ታመልጣለች፣ ስፓይራል ግን አይሆንም። ስፓይራል ካያችሁ ስቴፑን በግማሽ ቀንሱና ድጋሚ ራን አድርጉ። የኔ በግማሽ ቀን ስቴፕ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከ1.18 ወደ 1.10 ወረደ። ፊዚክሱ ያው ሆኖ ስቴፑ ብቻ ሲቀየር መልሱ እንዲህ ከተቀየረ ጥፋተኛው ሜተዱ ነው።

ሜተዱ ይሄ ነበር፣ ኦይለር፣ `h` ስቴፑ፣ `x` ቦታ፣ `v` ፍጥነት፣ `acc` ደግሞ ስበቱን የሚያሰላው ፈንክሽን ነው፦

```python
a = acc(x)
x_new = x + h*v
v_new = v + h*a
```

ምክንያቱን በወረቀት ሳሉት። ክብ ላይ ያለች ፕላኔት ፍጥነቷ ክቡን ነክቶ በሚያልፈው ቀጥታ መስመር ላይ ነው፣ ኦይለር ደግሞ በዛ መስመር ሙሉ ስቴፕ ይወስዳታል፣ እና ያ መስመር ላይ የትም ብትቆም ከክቡ ውጭ ናችሁ። ፍጥነቱም ያው ነው፣ ስበቱ በዘጠና ዲግሪ ስለሚጨመርበት አዲሱ ፍጥነት ሁሌ ከድሮው ይረዝማል። ስህተቱ አንዴ ወደ ውጭ አንዴ ወደ ውስጥ ቢሆን ይጠፋፋ ነበር፣ ግን ሁሌ ወደ አንድ ጎን ነው። ሂሳቡም ቀላል ነው፦ ምድር በቀን 0.0172 ራዲያን ትዞራለች፣ የዚህ ስኩዌር ሁለት እጥፍ 0.0006 ገደማ ነው፣ ስለዚህ ኢነርጂው መጀመሪያ ላይ በየቀኑ 0.06 በመቶ ይሸሻል፣ በዛው ከቀጠለ በ365 ስታባዙት በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ማለት ነው።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። አንዳንዱ ሰው "እኔ ኦይለር ነው የተጠቀምኩት ግን አሪፍ ሰርቷል" ይላል፣ ኮዱን ስታዩት እንዲህ ነው፦

```python
x += h*v
v += h*acc(x)
```

ይሄ ኦይለር አይደለም! ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው `x` አዲሱ ነው። ሰውየው ሳያውቀው ሲምፕሌክቲክ ኦይለር ጽፏል፣ ሊፕፍሮግ የሚገባበት ቤተሰብ አባል ነው። የአንድ ቦታ መተካካት ነው ስፓይራሉን የሚያጠፋው።

ችግር 2፦ በጥሩ ሜተድ ቀየርኩት፣ መጀመሪያ ልክ ነበር፣ ብዙ ዙር ሲሄድ ግን ኢነርጂው ቀስ እያለ ይወርዳል

ከኦይለር የሸሸ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ አራተኛ ደረጃ ሩንጌ-ኩታ ነው። በርግጥ በጣም ጎበዝ ነው፣ ጥቂት ዙር ላይ ስህተቱ በዓይን አይታይም። ግን የኢነርጂ ስህተቱን በጊዜ ላይ ፕሎት አድርጉት፣ ትንሽ ተዳፋት ያለው ቀጥ ያለ መስመር ታያላችሁ፣ የማይመለስ። (`solve_ivp` የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ `rtol`ን እዩ፣ ካልነካችሁት `1e-3` ነው፣ ለረጅም ኦርቢት በጣም ልቅ ነው።)

ቁጥሩን በእጅ ማስላት የሚቻለው ስፕሪንግ ላይ ስለሆነ እሱን ልውሰድ፣ ባህሪው ለኦርቢትም ያው ነው። በአንድ ዙር 20 ስቴፕ ስጡት። ሩንጌ-ኩታ በየዙሩ 0.026 በመቶ ኢነርጂ ይበላል። ምንም አይደለም ትላላችሁ፣ በ1000 ዙር ግን 23 በመቶው ሄዷል። 1000 ዙር ለምድር 1000 ዓመት ብቻ ነው፣ ሰው ደግሞ የፀሐይን ቤተሰብ በሚሊዮንና በቢሊዮን ዓመት ነው ማስኬድ የሚፈልገው።

መፍትሄው ሊፕፍሮግ ነው፦ ግማሽ ግፊያ፣ ሙሉ ጉዞ፣ ግማሽ ግፊያ።

```python
a = acc(x)
for i in range(N):
    v += 0.5*h*a
    x += h*v
    a = acc(x)
    v += 0.5*h*a
```

ስበቱ የሚሰላው በስቴፕ አንዴ ብቻ ነው፣ ሩንጌ-ኩታ አራቴ ያሰላል። በነዛው 20 ስቴፖች የሊፕፍሮግ ኢነርጂ እስከ 2.5 በመቶ ይወዛወዛል፣ አዎ፣ መጀመሪያ ላይ ከሩንጌ-ኩታ በጣም ይብሳል፣ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ግን ይወዛወዛል እንጂ አይሸሽም፣ በ1000ኛውም ዙር በሚሊዮንኛውም ዙር ያው 2.5 በመቶ ነው። ፍትሃዊ እንሁን ካላችሁና ሁለቱም እኩል የስበት ስሌት እንዲሰሩ ለሊፕፍሮጉ 80 ስቴፕ ከሰጣችሁት ውዝዋዜው ወደ 0.15 በመቶ ይወርዳል፣ ሩንጌ-ኩታ ደግሞ ይሄን ስህተት ገና በ6ኛው ዙር ያልፈዋል።

ለምን አይሸሽም? የኮዱን መስመሮች ለየብቻ እዩዋቸው። ግፊያው ቦታን አይነካም፣ ፍጥነትን ብቻ በቦታው መጠን ይቀይራል። ጉዞው ፍጥነትን አይነካም። ቦታን አግድም ፍጥነትን ቁመት አድርጋችሁ ብትስሉ እያንዳንዱ መስመር የተደረደረ የመጫወቻ ካርታን በእጅ ወደ ጎን እንደመግፋት ነው፣ ካርታዎቹ ይንሸራተታሉ፣ ድርድሩ ይዘማል፣ የካርታው ብዛት ግን አይጨምርም አይቀንስም። ስለዚህ በዛ ስዕል ላይ ያለ ስፋት ይጠበቃል፣ ሲምፕሌክቲክ የሚባለውም ለዚህ ነው። ኦይለር ስፋቱን በየስቴፑ ያሳብጠዋል፣ ሩንጌ-ኩታ በትንሹ ያሟሽሸዋል፣ የምታዩት መሸሽ እሱ ነው።

ግን ስፋት ስለተጠበቀ ብቻ ኢነርጂ ይጠበቃል ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቆማል። ዋናው ነገር ሊፕፍሮግ የናንተን ችግር በስህተት እየፈታ ሳይሆን ትንሽ የተለየ የጎረቤት ችግር በትክክል እየፈታ መሆኑ ነው። ስፕሪንጉ ላይ በዓይን ይታያል፦ እውነተኛው ኢነርጂ `v² + x²` ነው (ግማሹን ትቼው)፣ ሊፕፍሮግ ደግሞ `v² + (1 − h²/4)·x²` የሚለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያዛንፍ ይይዛል። ይሄ የጥላ ኢነርጂ ይባላል። ጥላው ካልተንቀሳቀሰ እውነተኛው ከጥላው `h²/4` ያህል ከመራቅ ውጭ የት ይሄዳል? 2.5 በመቶው ከዚህ ነው የመጣው። ኦርቢት ላይ ጥላው እንዲህ በአጭር ፎርሙላ አይጻፍም፣ ፍጹምም አይደለም፣ ግን ስቴፑ በቂ ትንሽ ከሆነ በጣም በጣም ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሌላ ስጦታም አለ። ግፊያው ሁሌ በፀሐይና በፕላኔቷ መስመር ላይ ስለሆነ አንግዩላር ሞመንተም በሊፕፍሮግ ከቁጥር ማጠጋጋት በስተቀር ፈጽሞ አይቀየርም። ኒውተን በ1687 እኩል ጊዜ እኩል ስፋት የሚለውን ያረጋገጠው ልክ በዚህ መንገድ ነው፣ ቀጥ ያለ ጉዞ፣ ግፊያ፣ ቀጥ ያለ ጉዞ። ስለዚህ አንግዩላር ሞመንተማችሁ ከተንቀሳቀሰ ሊፕፍሮጉን አትውቀሱ፣ `acc` ውስጥ ባግ አለ።

ችግር 3፦ ሊፕፍሮግ አደረግኩት፣ አሁንም ይሸሻል

ሁለት ነገር ነው የማየው። ቀላሉ፣ ፍጥነትን በግማሽ ስቴፕ ላይ እያስቀመጡ ኢነርጂን ከሙሉ ስቴፕ ቦታ ጋር ማስላት ነው፣ ይሄ መሸሽ ሳይሆን የሰፋ ውዝዋዜ ይሰጣል፣ ከላይ ያለው ኮድ መጨረሻ ላይ ቦታና ፍጥነት አንድ ሰዓት ላይ ስለሆኑ እዛ ጋ አስሉት።

ከባዱ ስቴፕ መቀያየር ነው። የሃሌይ ኮሜትን ውሰዱ፣ ለፀሐይ ስትቀርብ 0.59 አሃድ፣ ስትርቅ 35 አሃድ ላይ ናት፣ ቅርቡ ላይ የሚያስፈልገው ስቴፕ ከሩቁ ወደ 460 ጊዜ ያነሰ ነው። ሰው ይሄን ሲያይ "ስትቀርብ ስቴፑን ላሳንስ፣ ስትርቅ ላስፋ" ይላል፣ ምክንያታዊ ይመስላል፣ እና ኢነርጂው ወዲያው መንሸራተት ይጀምራል። ምክንያቱም ጥላው የተሰራው ከ`h` ነው፣ በየስቴፑ `h` ሲቀየር በየስቴፑ ሌላ ጥላ ነው፣ የሚይዘው ነገር የለም።

ይሄን ለመያዝ የምወደው ፈተና፦ ጥቂት ዙር አስኬዱና የፍጥነቱን ምልክት ገልብጡ፣ ያንኑ ያህል መልሱት። ትክክለኛ ሊፕፍሮግ ወደ ተነሳበት ይመለሳል፣ ልዩነቱ የማጠጋጋት ስህተት ብቻ ነው። ስቴፑን አሁን ካላችሁበት ርቀት ብቻ እየመረጣችሁ ከሆነ አይመለስም፣ ምክንያቱም ስትሄዱ ከዚህ ጫፍ ነው የመረጣችሁት፣ ስትመለሱ ከዛኛው። መፍትሄው ስቴፑን ከሁለቱም ጫፎች አማካይ መምረጥ ነው (ሁለት ሦስቴ መደጋገም ይጠይቃል)፣ ወይም ከቻላችሁ ለቅርቡ የሚበቃ ቋሚ ስቴፕ ይዞ ወጪውን መክፈል።

ብዙ ፕላኔት ካላችሁ ግን ተራውን ሊፕፍሮግ ትታችሁ ዊዝደምና ሆልማን በ1991 ያወጡትን ተጠቀሙ፣ `REBOUND` የሚባለው የኦርቢት ሲሙሌሽን ላይብረሪ ውስጥ `whfast` የሚለው ነው። እዛ ጉዞው ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን በፀሐይ ዙሪያ ያለው ሙሉ ሞላላ ነው፣ ግፊያው የሌሎቹ ፕላኔቶች ትንሽ ስበት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ስቴፑ በጣም ይረዝማል። ሁለት አካላት በጣም ከተቀራረቡ ግን ይፈርሳል፣ ያኔ `ias15` ይሻላል፣ ሲምፕሌክቲክ አይደለም፣ ግን ስህተቱን እስከ ማሽኑ ወሰን ስለሚያወርደው የሚሸሽ ነገር አይተውም።

ችግር 4፦ ኢነርጂው ፍጹም ነው፣ ፕላኔቷ ግን ቦታዋ ላይ የለችም

ባግ አይደለም። የጎረቤቱ ችግር የራሱ ሰዓት አለው። ስፕሪንጉ ላይ በ20 ስቴፕ ሊፕፍሮግ 0.41 በመቶ ይፈጥናል፣ ኢነርጂው ያው እያለ በ120 ዙር አካባቢ ግማሽ ዙር ቀድሞ ተቃራኒ ጎን ላይ ቆሟል። ኦርቢት ላይ ደግሞ ሞላላው ራሱ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይሄን አይቶ አንጻራዊነትን ያገኘ የመሰለው ሰው አውቃለሁ። ለመለየት ስቴፑን በግማሽ ቀንሱ፣ ዙረቱ ወደ ሩብ ከወረደ የሜተዱ ነው። ግርዶሽ በየትኛው ቀን እንደሚውል ማወቅ ለሚፈልግ ሰው 20 ስቴፕ ሊፕፍሮግ አይሆነውም፣ ኦርቢቱ ከሚሊዮን ዓመት በኋላ ተረጋግቶ ይቆያል ወይ ለሚል ግን ፕላኔቷ በየትኛው ጎን መሆኗ ብዙም ግድ አይሰጠውም።