በቆየ ቴሌቪዥን ላይ የዲኮደር ምስል ቀለም ሲበላሽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዲኮደር ከቆየ ቴሌቪዥን ጋር በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ገመድ ሲገናኝ ምስሉ በሙሉ የሚጓዘው በቢጫው ብቻ ነው። ብርሃኑም፣ ቀለሙም፣ ምስሉን በቦታው አርግቶ የሚያቆመው ምልክትም በአንድ ሽቦ ተደባልቀው ይሄዳሉ፤ መልሶ የሚለያያቸው ቴሌቪዥኑ ነው። ነጩ የግራውን፣ ቀዩ የቀኙን ድምፅ ብቻ ይወስዳሉ። ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

ቀይ ቀለም ሲጠፋ ቀዩን ጃክ መነካካት

ቀለሞቹ ሁሉ በአንድ ሽቦ ስለሚጓዙ፣ የቢጫው ገመድ ብልሽት አንዱን ቀለም መርጦ ሊያስቀር አይችልም። ገመዱ ሲታመም ወይ ቀለሙ በሙሉ ይጠፋል፣ ወይ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወይም ምስሉ ራሱ ይደበዝዛል አሊያም ይጠፋል። ስለዚህ ምስሉ ጥርት ብሎ እያለ ሁሉም ነገር ወደ አረንጓዴ ያደላ ከሆነ ወይም ቀይ ብቻ ከጎደለ፣ ገመዱን ከመቀየር በፊት የቴሌቪዥኑን የራሱን ሜኑ መክፈት ይገባል። የሜኑው ጽሑፍ የሚሣለው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ስለሆነ ከገመዱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የእሱም ቀለም ከተዛባ ችግሩ ከቴሌቪዥኑ ነው። ከኋላው ወፍራም በሆነ ባለ ምስል ቱቦ ቴሌቪዥን ማዕዘን ላይ ብቻ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጥላ ከታየ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አጠገቡ የተቀመጠ ስፒከር ማግኔት ነው። ስፒከሩን አርቆ፣ ቴሌቪዥኑን ግማሽ ሰዓት ያህል አጥፍቶ ማቀዝቀዝና እንደገና ማብራት ይጠቅማል፤ በውስጡ ያለው የማግኔቱን ተጽዕኖ የሚያጠፋ የሽቦ ጥቅል ሥራውን የሚሠራው ቴሌቪዥኑ ሲበራ ነውና። የጀርባ ክዳኑን ግን ከባለሙያ በስተቀር ማንም መክፈት የለበትም፤ ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላም የምስል ቱቦው አደገኛ ኃይል ይይዛል።

ቢጫውን ጃክ በአረንጓዴው ቀዳዳ ሰክቶ የቴሌቪዥኑን የምስል መግቢያ ምርጫ አለመለወጥ

አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ከኋላ አምስት ቀዳዳዎች አሏቸው፦ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ከዚያም ለድምፅ ነጭና ሌላ ቀይ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ Y፣ Pb እና Pr የተባሉ ሲሆኑ ምስሉን በሦስት ሽቦ ከፋፍሎ ለሚልክ መሣሪያ የተሠሩ ናቸው። አረንጓዴው ቀዳዳ የሚቀበለው የብርሃን ክፍሉን ብቻ ስለሆነ፣ ቢጫው ጃክ እዚያ ገብቶ ቴሌቪዥኑ COMPONENT ላይ ከቆየ የሚታየው ጥርት ያለ፣ ነገር ግን ጥቁርና ነጭ የሆነ ምስል ነው። በምስሉ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች መታየታቸው ቀለሙ ሳይፈታ መምጣቱን ያመለክታል። ቀዳዳው Y/VIDEO ተብሎ በሁለቱ ስም ከተጻፈበት ቢጫውን እዚያው አቆይቶ በሪሞቱ AV ወይም VIDEO መምረጥ ይበቃል፤ Y ብቻ ካለበት ግን ራሱን የቻለ ቢጫ ቀዳዳ መፈለግ ያስፈልጋል። ሁለቱን ቀያዮች መለየትም ተገቢ ነው፤ የድምፁ ቀይ ከነጩ አጠገብ ያለው ነው።

የቀለሙን ሥርዓት ሳይመለከቱ ገመድ መግዛት

ገመዱ ጤነኛ ሆኖ ቀለም የሚጠፋበት ሌላው ምክንያት ዲኮደሩ NTSC እየላከ ቴሌቪዥኑ PAL ብቻ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች ቀለሙን የሚያስቀምጡበት ድግግሞሽ ይለያያል፦ በ PAL 4.43 ሜጋኸርዝ፣ በ NTSC ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 3.58 ሜጋኸርዝ ነው። ቴሌቪዥኑ በሚያውቀው ቦታ ቀለም ሲያጣ ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ያሳያል፤ አንዳንዴም ምስሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንከባለላል። መጀመሪያ በቴሌቪዥኑ ሜኑ COLOR SYSTEM የሚለውን AUTO ማድረግ፣ ቀጥሎም በዲኮደሩ ሜኑ ውስጥ የምስል መውጫውን ሥርዓት ቴሌቪዥኑ ወደሚቀበለው መለወጥ ነው። በብዙ ቴሌቪዥኖች TINT የሚባለው ማስተካከያ የሚሠራው በ NTSC ብቻ ነው፤ እሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ምልክቱን እንደ NTSC እየተቀበለው መሆኑን ማወቅ ይቻላል።

የኢርፎን የሚመስለውን ትንሽ ጃክ ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ማሰብ

ትናንሽ ዲኮደሮች የኢርፎን በሚመስል 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ምስልና ድምፅ አብረው ያወጣሉ። በጃኩ ላይ ያሉት አራት ክፍሎች ቅደም ተከተል ግን ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ለሌላ መሣሪያ የተሠራ ገመድ ልክ ቢገባም ምስሉን በቀዩ በኩል ሊያወጣው፣ ወይም የመሬቱን ሽቦ አሳስቶ ምስሉን ሊያደበዝዝና ድምፁን ሊያስጮኸው ይችላል። ቀዩን ወይም ነጩን ጃክ በቢጫው ቀዳዳ ሲሰኩ ምስል ከመጣ፣ ገመዱ የዚያ ዲኮደር አይደለም ማለት ነው። ጃኩ እስከ መጨረሻው አለመግባቱም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚሰጥ በቅድሚያ እሱን ማረጋገጥ ይሻላል።

ጃኮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነቅሎ መሰካት

ሁሉም ተነቅሎ ሲሰካና ምስሉ ሲስተካከል የትኛው እንደተበላሸ ስለማይታወቅ፣ ችግሩ ተመልሶ ሲመጣ ፍለጋው እንደ አዲስ ይጀመራል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ የዲኮደሩ ምስል ጥቁርና ነጭ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ሜኑ ግን ባለቀለም ነው፤ AV ተመርጧል፤ ሁለቱም በ PAL ላይ ናቸው። ሦስቱ ሽቦዎች ለአጭር ርቀት አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠሩ ስለሚችሉ፣ ሁለቱን መሣሪያዎች አጥፍቶ ቢጫውን በሁለቱም ጫፍ መንቀልና በምትኩ ነጩን በሁለቱም ቢጫ ቀዳዳዎች መሰካት ነው። ሲበራ ቀለሙ ከተመለሰ ቀዳዳዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ጥፋቱ የቢጫው ሽቦ ወይም የጃኮቹ ነው። ቀለሙ ካልተመለሰ ግን ገመዱን ትቶ ወደ ቀዳዳዎቹ መሄድ ያስፈልጋል።

በምሳሌአችን ቀለሙ ተመለሰ እንበል። ቢጫውን ወደ ቦታው መልሶ የዲኮደሩን ሜኑ እንደቆመ እያዩ በመጀመሪያ በዲኮደሩ በኩል፣ ቀጥሎ በቴሌቪዥኑ በኩል ጃኩን በቀስታ ማንቀሳቀስ ነው። ቀለሙ ድንገት መጥቶ ከሄደ ችግሩ የተነካው ጫፍ ላይ ነው። ደካማ ምልክት ሲደርሰው ቴሌቪዥኑ ቀለሙን ራሱ ስለሚዘጋ፣ ጃኩ የላላ ሆኖ ምስሉ ግን ያለ ቀለም የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው። የጃኩ ውጫዊ ቀለበት ተከፍቶ ከሆነ በጉጠት በትንሹ መጭመቅ፣ የጠቆረውን መካከለኛ ዘንግ በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ማጽዳትና አድርቆ መሰካት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ጃኩ ሲነቀል የሚያዘው ከገላው እንጂ ከሽቦው አይደለም፤ በውስጡ የሚበጠሰው ብየዳ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጉተታ የመጣ ነው።

መልቲሜትር ያለው ሰው ገመዱን ከሁለቱም መሣሪያዎች ነቅሎ ከዘንግ እስከ ዘንግ፣ ከቀለበት እስከ ቀለበት ሊለካው ይችላል፤ ንባቡ ወደ ዜሮ መቅረብና ገመዱ ሲታጠፍም አለመዝለል አለበት። ከዘንግ ወደ ቀለበት ግን ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም።

ገመዱ በሁሉም ልኬት ጤነኛ ሆኖ ቀለሙ አሁንም ከተዛባ፣ ቴሌቪዥኑ ከፊቱ ወይም ከጎኑ ሌላ ቢጫ ቀዳዳ እንዳለው መመልከት ተገቢ ነው። በአንዳንዶቹ የፊቱና የኋላው ቀዳዳዎች ከውስጥ የተያያዙ በመሆናቸው፣ በአንዱ የዲቪዲ ማጫወቻ በሌላው ዲኮደሩ በአንድ ጊዜ ሲሰኩ ምልክቶቹ ይጋጩና ምስሉ ይደበዝዛል ወይም ይረበሻል። የማይፈለገውን ጃክ መንቀል ብቻ ምስሉን ሊያስተካክለው ይችላል።